ሬይክያቪክ ላይ የተከረቸመበት ቢሾፕ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1972 በአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ፣ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ ሃያ ስምንት እርምጃ ተጉዞ ሞቅታው በርዶ ነበር። ሻምፒዮኑ ሶቪየታዊው ቦሪስ ስፓስኪና ተፎካካሪው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ንግሥቶቻቸውን፣ ሩኮቻቸውንና ፈረሶቻቸውን ተበላልተው ጨርሰዋል። ለእያንዳንዳቸው የቀራቸው ንጉሥ፣ አንድ ቢሾፕና ስድስት ወታደር ነው። ሁለቱም ቢሾፖች የሚሄዱት በጥቁር ቤቶች ላይ ነው። ቼዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በአቻ ያልቃል ብሎ ይገምት ነበር።

ስፓስኪ በ29ኛው እርምጃ በግራ ክንፉ አንድ ወታደር ወደፊት ገፋ። ፊሸር ሲመልስ ቢሾፑን ሰሌዳውን በሰያፍ አሻግሮ፣ በስፓስኪ ቀኝ ጫፍ ጠባቂ አጥቶ የቆመውን ወታደር በላ። ስፓስኪ ጎረቤቱን ወታደር አንድ ቤት ወደፊት አደረገ። በሩ ተዘጋ፤ የፊሸር ቢሾፕ ከበላው ወታደር ቤት መውጫ አጣ።

ለጀማሪ የሚመከር ስህተት በዓለም ሻምፒዮና መድረክ ላይ እንዴት ተሠራ? ስለ ፊሸር የዚያ ቀን አእምሮ ብዙ ተብሏል። ከመላምቱ ይልቅ ሰሌዳው የሚናገረው ይበልጣል።

ቢሾፕና ፈረስ ከንግሥትና ከሩክ ያነሰ ኃይል ያላቸው ጠጠሮች ናቸው። ከባዶቹ ጠጠሮች ሲያልቁና እነዚህ ብቻ ሲቀሩ የንጉሡ ሥራ ይገለበጣል። እስከዚያ ድረስ ከማት ሲሸሽ፣ በማዕዘን ሲደበቅ የቆየው ንጉሥ ከዚህ በኋላ ተዋጊ ነው፤ መሀል ላይ ሲቆም የራሱን ወታደሮች ይደግፋል፣ የጠላትን ያስፈራራል። ችግሩ ግን ወታደሮቹ በሁለቱም ክንፍ ሲበተኑ ይመጣል። ንጉሥ በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ስለሚራመድ ከሰሌዳው አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ ሰባት እርምጃ ያስፈልገዋል። ፈረስ አራት ያህል ይፈጅበታል። ቢሾፕ ግን መንገዱ ክፍት ከሆነ በአንድ እርምጃ ይሻገራል። ስለዚህ ንጉሡ ወደ መሀል በወጣ ቁጥር አንዱ ክንፍ ያለ ዘበኛ ይቀራል፤ የጠላት ቢሾፕ ደግሞ ያንን ክንፍ ከሩቅ ያየዋል።

ስፓስኪ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከ21ኛው እስከ 26ኛው እርምጃ ባለው ጊዜ ንጉሡን ደረጃ በደረጃ ወደ መሀል አወጣ። የሰሌዳው ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች፣ ረድፎቹም ከስፓስኪ ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይጠራሉ። በዚህ አጠራር ንጉሡ ዲ3 ላይ ደረሰ፤ ኤች2 ላይ ያለው ወታደሩም ጠባቂ አጣ። ስፓስኪ ወታደሩን የረሳው አይመስልም፤ ቢበላ በላተኛው እንደሚታጠር ያሳየው ቀጣዩ እርምጃው ነው። የፊሸር ንጉሥ በበኩሉ ገና ኤፍ8 ላይ፣ በራሱ የኋላ ረድፍ ነበር። እሱም ንጉሡን አንድ ቤት ወደ መሀል ቢያስጠጋ ኖሮ ጨዋታው ጸጥ ብሎ ወደ አቻ ይሄድ ነበር።

ወጥመዱ እንዴት እንደሚሠራ ልብ ብሎ ማየት ያስደስታል። ኤች2 ላይ ያለው ቢሾፕ ሁለት መንገድ ብቻ አለው። አንደኛውን ጂ3 ላይ የደረሰው ወታደር ዘግቶታል፤ ያ ወታደር ደግሞ ኤፍ2 ላይ ባለው ወንድሙ ይጠበቃል። ሁለተኛው ጂ1 ነው፤ እሱም ወደ ጠባብ ጓዳ የሚያስገባ ነው። ፊሸር የጠርዝ ወታደሩን እየገፋ በሩን ለመስበር ሞከረ፤ ኤች5፣ ከዚያ ኤች4። እስከ ኤች3 ድረስ ቢገፋና ቢሾፑን በጂ1 በኩል አውጥቶ ኤፍ2 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላስ? እዚህ ጋ ነው ስሌቱ የሚሰነጠቀው። የስፓስኪ ንጉሥ ወደ ጂ4 ወጥቶ ኤች3 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል። ከዚያ ቢሾፑን ወደ ዲ2 ያመጣል። ያቺ አንዲት ጸጥተኛ እርምጃ ኢ1 የሚባለውን የማምለጫ ቤትም፣ ኢ3 ላይ ያለውን ወታደርም በአንድ ጊዜ ትጠብቃለች። ፊሸር ኤፍ2ን በልቶም ቢሆን ቢሾፑ አይወጣም። እንዲህ ያለው እርምጃ፣ ምንም የማይበላና ማንንም የማያስፈራራ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ሲያሰሉት ከዓይን የሚያመልጥ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ፊሸር ሌላውን መረጠ። በጂ3 ወታደሮቹን አበላልቶ ቢሾፑን ለሁለት ወታደር ሸጠው። በ35ኛው እርምጃ የስፓስኪ ንጉሥ ቢሾፑን ሲበላ ለስፓስኪ ቢሾፕና ሦስት ወታደር ቀሩት፤ ለፊሸር አምስት ወታደር።

የሚገርመው ጨዋታው ገና አለማለቁ ነው። የስፓስኪ ንጉሥ ቢሾፑን ለመያዝ ከዲ3 ተነሥቶ አራት እርምጃ ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄዷል። መሀሉ ባዶ ነው። የፊሸር ንጉሥ ኢ7፣ ዲ6፣ ዲ5 እያለ ኢ4 ላይ ደረሰና ኢ3 ላይ ያለውን ወታደር መግፋት ጀመረ። ማለትም የቢሾፕ ዋጋ ከፍሎ ከጥቂት እርምጃዎች በፊት የስፓስኪ የነበረውን መሀል ለራሱ ገዛ። ሁለት ወታደር ለቢሾፕ በቁጥር ሲታይ ኪሳራ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ወታደር በቀረበት ሰሌዳ ላይ ንቁ ንጉሥ የኪሳራውን ትልቅ ክፍል ይሸፍናል።

ሌላም ነገር ይረዳው ነበር። የስፓስኪ ቢሾፕ በጥቁር ቤቶች ብቻ ይሄዳል፤ በግራ ጠርዝ የሚገፋው ወታደር ግን የሚነግሠው ኤ8 ላይ ነው፤ ያ ቤት ነጭ ነው። ለስፓስኪ ያ የጠርዝ ወታደር ብቻ ቢቀርለትና የፊሸር ንጉሥ ከማዕዘኑ ቢደርስ፣ ቢሾፑ ሊያስወጣው ስለማይችል ጨዋታው አቻ ነው። ፊሸር በ38ኛው እርምጃ ኤ6 ብሎ ወታደሮቹን ለማበላላት ያቀረበው ለዚህ ነው። ስፓስኪ አልበላም። ወታደሩን አልፎ ቢ6 ላይ አስቀመጠው። የቢ ወታደር የሚነግሠው ጥቁር ቤት ላይ ነው፤ ከዚህም በላይ ከፊቱ ቢ7 ላይ ያለውን የፊሸርን ወታደር አስሮ አቆመው። ያ ወታደር ከዚህ በኋላ መንቀሳቀስ የማይችል ዒላማ ሆነ።

ከዚያ ፊሸር ዳግመኛ ተሳሳተ። ኤፍ6 ላይ የቆመው ወታደሩ ምንም የማይሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ጂ5ን እየጠበቀ የስፓስኪን ንጉሥ መንገድ ይዘጋ ነበር። በ39ኛው እርምጃ ወደ ኤፍ5 ገፋው። የስፓስኪ ንጉሥ ወዲያው ወደ ኤች4 ወጣ። ፊሸር በ40ኛው እርምጃ ያንኑ ወታደር ደግሞ ወደ ኤፍ4 ገፍቶ አበላላው። ከጊዜ በኋላ ጨዋታውን የመረመሩ ተንታኞች ከነዚህ ሁለት እርምጃዎች በአንዱ ትክክለኛውን ቢያገኝ ኖሮ አቻ ማድረግ ይችል እንደነበር አሳይተዋል። እንዲህ ከሆነ ቢሾፑን ያሳጣው የኤች2 መብል ዝነኛ ስህተት ይሁን እንጂ ጨዋታውን ያሳጣው በቻ እሱ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን የመጀመሪያውን ነው።

እዚህ ላይ ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን ማስታወስ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በካናዳዋ ቫንኩቨር ፊሸር ከሶቪየታዊው ማርክ ታይማኖቭ ጋር ተጋጥሞ 6 ለ 0 አሸንፏል። ታይማኖቭ በፒያኖ ተጫዋችነቱም የታወቀ ሰው ነበር። በአራተኛው ጨዋታ ፊሸር ቢሾፕ፣ ታይማኖቭ ፈረስ ይዘው ወታደሮች በሁለቱም ክንፍ ቀሩ። የታይማኖቭ የቀኝ ክንፍ ወታደሮች የቆሙት የፊሸር ቢሾፕ በሚሄድባቸው ነጭ ቤቶች ላይ ስለነበር ፈረሱ እነሱን ከመጠበቅ ሊላቀቅ አልቻለም። የግራዎቹ በጥቁር ቤት ላይ ስለነበሩ ቢሾፑ አይነካቸውም፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያሉት ነጭ ቤቶች ለፊሸር ንጉሥ መተላለፊያ ሆኑ። ንጉሡ በዚያ ሾልኮ እስከ ኤ6 ገባ። ታይማኖቭ ተራው ሲደርስ፣ የትኛውንም ቢያንቀሳቅስ የሆነ ነገር ይለቅ ነበር። ንጉሡን ሲያነሣ ፊሸር በ62ኛው እርምጃ ቢሾፑን ሰጠ። ጂ6 ላይ ያለውን ወታደር በላበት፣ ፈረሱም ቢሾፑን በላ፤ የፊሸር ንጉሥ ግን በተከታታይ ሁለት ወታደር ለቀመ። ቢሾፕ ለሦስት ወታደር። ከዘጠኝ እርምጃ በኋላ ታይማኖቭ ተሸነፈ።

ያው ሰው ነው፣ ያው ዓይነት ንግድ ነው። በቫንኩቨር ቢሾፑ ሲሸጥ ንጉሡ በጠላት ወታደሮች ጎን ቆሞ ነበር፤ በሬይክያቪክ ወታደሩ ሲበላ ንጉሡ ከመነሻ ረድፉ አልተነቃነቀም። በክለብ ደረጃ የሚጫወት ሰው በሩቅ ክንፍ ያለ ብቸኛ ወታደር ሲያጓጓው መቁጠር ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ በላተኛው ጠጠር በየትኛው ቤት ይመለሳል፣ የጠላት ንጉሥስ እዚያ ለመድረስ ስንት እርምጃ ይፈጅበታል? ለፊሸር ቢሾፕ የመጀመሪያው መልስ ባዶ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ሦስት፣ ኢ2፣ ኤፍ3 ከዚያ ጂ2።

ጨዋታው ከ40ኛው እርምጃ በኋላ ተቋርጦ በማግስቱ ቀጠለ። ስፓስኪ በመጨረሻም እንደ መጀመሪያው ተጫወተ። ፊሸር የጂ ወታደሩን በነፃ ሰጥቶ የስፓስኪን ንጉሥ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ካሳተ በኋላ የራሱን ንጉሥ ወደ ግራ ጠርዝ አስሮጠ። ስፓስኪ ኤ4 ላይ ያለውን ወታደሩን ለማዳን አልተጨነቀም። እሱ ሲበላበት የፊሸርን የመጨረሻ የመሀል ወታደር በላና ንጉሡን ወደ ዲ5፣ ከዚያ ወደ ዲ6 አሻገረ። ቀጥሎ ያለው ታስሮ የቆመው የቢ7 ወታደር ነው። የፊሸር ንጉሥ በጠርዙ በኩል እየተመለሰ ቢሆንም ሊያድነው አይችልም፤ የቀረውን አንድ የጠርዝ ወታደሩንም ቢሾፑ ከሩቅ ያቆመዋል። በ56ኛው እርምጃ ፊሸር እጁን ሰጠ። ለሁለተኛው ጨዋታ ሳይቀርብ ቀርቶ 2 ለ 0 ተመራ፤ ውድድሩን ግን 12.5 ለ 8.5 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።