ሰዓት የሚበላው መንገዱ አይደለም

ቤት ለመቀየር የጭነት መኪና በሰዓት የሚከራይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ርቀቱን ነው። ሒሳቡን የሚያንረው ግን ሌላ ነው።

ከአዲሱ ቤት 12 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ ዕቃው በአንድ አይሱዙ ሁለት ምልልስ የሚፈልግ ቤተሰብ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በሥራ ሰዓት መኪናው በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንዱ ጉዞ 36 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ምልልስ ሲባል ታዲያ ጉዞው ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው፤ መኪናው መሃል ላይ ባዶውን ይመለሳላ! ስለዚህ መንገዱ 108 ደቂቃ ይወስዳል።

አሁን መጫኑንና ማውረዱን እንይ። ለአንድ ጭነት መጫኛው 50፣ ማውረጃው 40 ደቂቃ ቢሆን ለሁለቱ 180 ደቂቃ ነው። ድምሩ 288 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይሆናል። ባለመኪናው ጅምር ሰዓትን እንደ ሙሉ ከቆጠረ የ5 ሰዓት ይከፈላል። ዋጋው በሰዓት 1,500 ብር ነው ብንል 7,500 ብር መሆኑ ነው፤ የጫኝና አውራጅ ለብቻ።

ፍራሽና ጀሪካን ተርፎ ሦስተኛ ምልልስ ቢመጣ ሁለት ጉዞና አንድ ጭነት ይጨመራል። ይህ 162 ደቂቃ ስለሆነ ክፍያው ወደ 8 ሰዓት፣ 12,000 ብር ይዘላል። አልጋና ቁምሳጥን ቀድሞ መፍታት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ቡለን እየፈቱ መኪና ማቆም ውድ ነው።

ሰዓቱ የሚጀምረው መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ነው ወይስ ደጃፍዎ ሲደርስ? ይህን ከመነሣቱ በፊት ይነጋገሩ።