የባዮስ ፓስወርዱ የጠፋበት የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ሠራተኛዋ ደብዳቤዋን ትጽፋለች፣ ሂሳቧን ታወራርዳለች። ጉዱ የሚወጣው የአይቲ ባለሙያው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሊጭን ፍላሽ ሰክቶ ማሽኑን ያስነሳ ዕለት ነው። ከፍላሽ መነሳት ተከልክሏል። ክልከላውን ለማንሳት ወደ ባዮስ ሲገባ ደግሞ ማሽኑ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ይጠይቀዋል። ያን ፓስወርድ ያወጣው የቀድሞ ባለሙያ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ በርክክብ ሰነዱ ላይም ስለ ፓስወርድ የተጻፈ ነገር የለም።

ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ ማሽኑ ከየት እንደሚነሳና የትኞቹ ክፍሎቹ እንደሚሠሩ የሚወስነው ፕሮግራም ነው። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ የሚጠብቀው ይህን ቅንብር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቢጠፋም የዕለት ሥራ አይቆምም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሚጠየቀው የማስነሻ ፓስወርድ ሌላ ነው። ሦስተኛው በራሱ በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋውም እርሱ ነው። ሰው ለእርዳታ ሲደውል ሦስቱንም «የባዮስ ፓስወርድ» ይላቸዋል፤ የጠፋው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ የሚሰጠው ምክር ግን ዋጋ የለውም።

«ባትሪዋን ነቅለህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ» የሚለው ምክር እስካሁን ከአፍ አልጠፋም። በድሮ ዴስክቶፖች ላይ ይሠራ ነበር። በመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ላይ ግን ፓስወርዱ የሚቀመጠው ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ቺፕ ውስጥ ነው። ባትሪዋ ስትነቀል የሚጠፋው ሰዓቱና ቀኑ ነው፤ ፓስወርዱ ካለበት አይነቃነቅም። ደጋግሞ መገመትም አያዋጣም። ቲንክፓድ ላይ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ግድ ይሆናል፤ ሙከራው ከልኩ ሲያልፍም 0199 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣል።

ስለዚህ ፍለጋው ከቤት ይጀምራል። በአንድ ግዢ የገቡ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ነው የሚሰጣቸው፤ የአንዱ ከተገኘ የሌሎቹም ተገኘ ማለት ነው። ሥራ ለለቀቀው ባለሙያ በአስተዳደር በኩል በደብዳቤ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ከመንገዶች ሁሉ ርካሹም እርሱ ነው። ማሽኖቹን በማይክሮሶፍት ኢንትዩን የሚያስተዳድር ድርጅት ደግሞ ለዴል ላፕቶፖቹ የተሰጠው የየማሽኑ ፓስወርድ እዚያው ተመዝግቦ ሊያገኘው ይችላል። ቲንክፓድ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች የትኞቹ ማሽኖች እንደተቆለፉ ለማወቅ ባዮስ ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልጋቸውም። በየማሽኑ ላይ ፓወርሼልን በአስተዳዳሪነት ከፍቶ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
(Get-WmiObject -Namespace root\wmi -Class Lenovo_BiosPasswordSettings).PasswordState
```

መልሱ 0 ከሆነ ፓስወርድ የለም፤ 2 ከሆነ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ተቀምጧል።

ከቤት ካልተገኘ ቀጣዩ በር አምራቹ ነው። እዚህ ላይ መልሱ እንደ ማሽኑ ስም ይለያያል።

የሌኖቮ መልስ ደረቅ ነው። የቲንክፓድ የጥገና መመሪያዎች የተረሳ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድን የሚያነሳ የአገልግሎት ሥርዓት እንደሌለ በግልጽ ይናገራሉ። ያለው መፍትሔ ማሽኑን ፈቃድ ላለው የአገልግሎት ማዕከል ወስዶ ማዘርቦርዱን ማስቀየር ነው፤ የግዢ ማስረጃ ይጠየቃል፣ የዕቃውና የእጅ ዋጋውም ይከፈላል። ፓስወርድ መርሳት የፋብሪካ ጉድለት ስላልሆነ ዋስትና አለኝ ብሎ መከራከር እዚህ አይጠቅምም።

አዲስ ማሽን ከሆነ ይህ ወጪ ሊያዋጣ ይችላል። አምስት ዓመት ያገለገለ ቲንክፓድ ከሆነ ግን የቦርዱ ዋጋ ላፕቶፑ ራሱ ቢሸጥ ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ጊዜ ብልኅ የሆነ ኃላፊ ምንም ላያደርግ ይችላል፦ ማሽኑ ዊንዶውስን እስካስነሳ ድረስ እንደተቆለፈ አገልግሎ ጡረታ ይወጣል። ይህ ስንፍና የሚመስለው ሰው ካለ የጥገናውን ዋጋ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቦርድ ለማስቀየር የወሰነ ድርጅት ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። ዲስኩ በቢትሎከር ተመስጥሮ ከሆነ ቁልፉ የተያያዘው አሮጌው ቦርድ ላይ ካለው የደኅንነት ቺፕ ጋር ነው። ቦርዱ ሲቀየር ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹ እዚያው ተቆልፈው ይቀራሉ። ስለዚህ ላፕቶፑ ከቢሮ ሳይወጣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪነት ከፍቶ ቁልፉን ማውጣትና ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ፋይሎቹንም መገልበጥ ያስፈልጋል፦

```
manage-bde -protectors -get C:
```

የሃርድ ዲስክ ፓስወርድ ከተረሳ ግን ቦርድ ቢቀየርም ለውጥ የለውም። ሌኖቮ ያን ፓስወርድ አያነሳም፣ ዳታውንም አያወጣም፤ የሚቀየረው ዲስኩ ነው።

ዴል ለዘብ ይላል። እያንዳንዱ የዴል ላፕቶፕ ከሥሩ የተለጠፈ፣ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የአገልግሎት መለያ አለው። ባለቤቱ ያን መለያ ይዞ የዴልን የቴክኒክ ድጋፍ ያነጋግራል፤ ባለቤትነቱ ሲረጋገጥ ለዚያ ማሽን ብቻ የሚሠራ መክፈቻ ፓስወርድ ሊሰጠው ይችላል። ጉዳዩ የሚቋጠረው «ሲረጋገጥ» የሚለው ላይ ነው። ላፕቶፑ በዴል መዝገብ ላይ አሁንም በቀድሞው ባለቤት ስም ካለ አስቀድሞ የባለቤትነት ዝውውር መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህም የግዢ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። በዴል ባዮስ ውስጥ `Master Password Lockout` የሚባል ቅንብር አለ፤ የቀድሞው ባለሙያ ለጥንቃቄ ብሎ ካበራው መክፈቻ ፓስወርድ አይሠራም፣ ነገሩም ተመልሶ ወደ ቦርድ ቅየራ ይሄዳል።

በኢንቴል ቺፕ የሚሠሩ የአፕል ማኮች ደግሞ ወደ አፕል መደብር ወይም ፈቃድ ወዳለው የአገልግሎት ሰጪ ዘንድ በአካል መወሰድ አለባቸው፤ ዋናው ደረሰኝም አብሮ ይቀርባል።

እነዚህ ሁሉ በሮች የሚከፈቱት በወረቀት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ቁልፉ የተሠራው የተሰረቀ ላፕቶፕ ለሌባው እንዳይጠቅመው ነው፤ አምራቹ ደግሞ ደረሰኝ የሌለውን ባለቤት ከሌባው የሚለይበት መንገድ የለውም። በየሱቁ «ቺፑን እንጽፍልሃለን» የሚሉ አሉ፤ አንዳንዶቹም ይሳካላቸዋል። ሆኖም በዚያ መንገድ የሄደ ማሽን መለያ ቁጥሩ ሊጠፋ ወይም ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ለመሥሪያ ቤት ንብረት የሚመከር አይደለም።

ይህ ጉዳይ ከውጭ የገባ ያገለገለ የኩባንያ ላፕቶፕ የሚገዛውንም ሰው ይነካል። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳና ቲንክፓድ ከሆነ F1፣ ዴል ከሆነ F2፣ ኤችፒ ከሆነ F10 ይጫን። ገጹ መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም። ቲንክፓድ ፓስወርድ ሲጠይቅ ባዶውን Enter ቢጫኑት ገጹን ሊያሳይ ይችላል፤ ቅንብሩን ግን አያስነካም። ስለዚህ ገዢው ወደ `Security` ገብቶ `Supervisor Password` ከሚለው አጠገብ `Disabled` የሚል መኖሩን ይመልከት። `Enabled` የሚል ካገኘ ሻጩ ፓስወርዱን እዚያው ፊቱ እንዲያነሳ ይጠይቀው፤ ካልቻለ ማሽኑን ትቶ ይሂድ።