በሚሊኒየም አዳራሽ አልጋዎች መካከል፦ ኮሆርት፣ ኬዝ ኮንትሮል እና ክሮስ ሴክሽናል

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ የተሠራው ኢትዮጵያ 2000 ዓ.ም.ን ስትቀበል ነበር። ከዚያ በኋላ ባዛርና ኮንሰርት ሲስተናገድበት ቆየ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ አዳራሹ ወደ አንድ ሺህ ገደማ አልጋ የተዘረጋበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። ማዕከሉ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ጋር የተሳሰረ ስለነበር ሐኪሞቹ ከማከም ጎን ለጎን ይመዘግቡና ያጠኑ ነበር። ከዚያ ወጥተው ከታተሙት ጥናቶች መካከል የኮሆርትም የኬዝ ኮንትሮልም ይገኛሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ስለ አንድ በሽታ፣ የተለያየ ዓይነት ጥናት ተሠርቷል ማለት ነው። የኤፒዲሚዮሎጂ ፈተና የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው፤ ቦታውና በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ ዓይነቱን የሚለየው ምንድን ነው?

መልሱ ታማሚዎቹ ወደ ጥናቱ የገቡት በምን መሥፈርት ተመርጠው እንደሆነ በመጠየቅ ይገኛል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ለመለማመጃ ያዘጋጀኋቸው እንጂ ከማዕከሉ የተወሰዱ አይደሉም፤ ጥያቄው ግን በየፈተናው የሚመጣ ዓይነት ነው፦ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በኮቪድ የመሞት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል?

አጥኚው አልጋ የያዙትን 300 ሰዎች ገና በገቡበት ቀን መዘገበ እንበል። 100ዎቹ ስኳር አለባቸው፣ 200ዎቹ የለባቸውም። ሁሉም በዚያ ሰዓት በሕይወት አሉ። ከዚያ እስኪወጡ ተከታተላቸው፤ ስኳር ካለባቸው 10፣ ከሌለባቸው 8 ሞቱ። ሰዎቹ ሲመረጡ ውጤቱ ገና አልታወቀም ነበር፤ ስለዚህ ይህ ኮሆርት ነው። የመሞት ዕድሉ በአንደኛው ወገን 10 በመቶ፣ በሁለተኛው 4 በመቶ ስለሆነ ሪላቲቭ ሪስኩ 2.5 ይሆናል።

አሁን ጥያቄውን ትንሽ እንቀይረው። አጥኚው ይህን ሁሉ ያደረገው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማዕከሉ ከተዘጋ ወዲያ፣ ካርዶቹን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ነው። ብዙ ተማሪ “ወደ ኋላ ተመለከተ” የሚለውን ሲያነብ ኬዝ ኮንትሮል ብሎ ያከብባል። ካርዶቹን የመረጠው ግን ታማሚው ሲገባ ስኳር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም ብሎ ከሆነና ከዚያ ተነሥቶ ማን እንደሞተ ከተከተለ፣ ጥናቱ አሁንም ኮሆርት ነው፤ ሪትሮስፔክቲቭ ኮሆርት ይባላል። ካርዱ አርጅቶ መገኘቱ የምርጫውን አቅጣጫ አይለውጠውም። ተቃራኒውም ይሠራል። አጥኚው በየቀኑ እየጠበቀ የሞተ ሰው በተገኘ ቁጥር ድነው ከወጡት መካከል ሁለት ሰው እየመረጠ ቢያነጻጽር፣ ሥራው ወደ ፊት የሚሄድ ቢመስልም ኬዝ ኮንትሮል ነው።

ኬዝ ኮንትሮሉን በቁጥር እንየው። 60 የሞቱ ሰዎች ኬዝ፣ 120 ድነው የወጡ ኮንትሮል ሆነው ተመረጡ። ከሞቱት 30ው፣ ከዳኑትም 30ው ስኳር ነበረባቸው። እዚህ ጋ ብዙ ነጥብ የሚጠፋበት ስሌት አለ። ስኳር ያለባቸውን ይደምሩና 60 ያገኛሉ፤ ከነሱ 30ው ስለሞቱ “የመሞት ዕድላቸው 50 በመቶ ነው” ይላሉ። አጥኚው ግን ኮንትሮሎቹን 120 ሳይሆን 240 ቢያደርጋቸው ኖሮ፣ በዚያው መጠን 60ዎቹ ስኳር ይኖርባቸው ነበር፤ ድምሩ 90 ሆኖ “ዕድሉ” ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። ማንም ሳይድን፣ ማንም ሳይሞት፣ አጥኚው ተጨማሪ ካርድ ስላወጣ ብቻ የሞት መጠኑ ቀነሰ ማለት ነው። የሞቱትና የዳኑት ቁጥር በአጥኚው የተወሰነ ስለሆነ ከዚህ ጥናት የመሞት ዕድልን ማውጣት አይቻልም። ኦድስ ሬሽዮው ግን አይናወጥም፦

```
(30 × 90)  / (30 × 30) = 3
(30 × 180) / (30 × 60) = 3
```

በኬዝ ኮንትሮል የምንጠቀምበት ለዚህ ነው። ነገር ግን ኦድስ ሬሽዮ ያየ ሁሉ ኬዝ ኮንትሮል ነው ብሎ መደምደም የለበትም። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ “በጤና ተቋም ላይ የተመሠረተ ክሮስ ሴክሽናል” የሚለው በጣም የተለመደ ነው፤ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተሠርቶበት ኦድስ ሬሽዮ ይቀርብበታል። የስሌቱ ዘዴ የጥናቱን ዓይነት አይወስንም።

ክሮስ ሴክሽናሉ የትኛው ነው? አጥኚው አንድ ቀን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ገብቶ በየአልጋው እየዞረ ስኳር ያለበትንም ኦክስጅን ላይ ያለውንም በአንድ ጊዜ ቢመዘግብ። ማንንም በስኳሩ አልመረጠም፣ በውጤቱም አልመረጠም፤ በዚያ ጠዋት የተገኘውን ወሰደ። የሚያገኘውም ፕሪቫለንስ ነው። ሰዎቹን “ከዚህ በፊት አጭሰህ ታውቃለህ?” ብሎ ስላለፈው ቢጠይቅ እንኳ ዓይነቱ አይቀየርም። በቤተሰብ ደረጃ አገሪቱን የሚያዳርሰው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ለምሳሌ በ2016 እንደ ፈረንጆች የተካሄደው፣ ያለፉትን ዓመታት ወሊዶች ይጠይቃል፤ ሆኖም ክሮስ ሴክሽናል ነው።

የዚህ የአንድ ጠዋት ዙር ችግሩ ማን እንደሌለ ስታስቡ ይገለጣል። ትናንት ሌሊት የሞተው የለም። ቀለል ብሎት በአምስት ቀን የወጣው የለም። አንድ ወር የተኛው ግን አጥኚው በየትኛውም ጠዋት ቢመጣ ያገኘዋል። ስለዚህ አልጋ ላይ የሚገኙት ከገቡት ሁሉ ይልቅ ቶሎ ያልሞቱና ቶሎ ያልዳኑ ናቸው። ፈተናው ይህንን ኔይማን ባያስ ወይም የፕሪቫለንስ ኢንሲደንስ ባያስ ይለዋል። ጥያቄው ውስጥ “በአሁኑ ወቅት በክትትል ላይ ያሉ” የሚል ሐረግ ካለና በሽታው ቶሎ የሚገድል ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይሄ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ባያስ ግን ከአዳራሹ በር ላይ ያለው ነው። ወረርሽኙ እንደጀመረ በምርመራ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምንም ምልክት ባይኖረውም፣ ወደ ማቆያና ሕክምና ማዕከል ይወሰድ ነበር። ቆየት ብሎ ቀላል ሕመም ያላቸው በቤታቸው እንዲለዩ ተፈቀደ። የመግቢያው ሕግ ሲለወጥ አልጋ ላይ የሚገኘው ሰው ዓይነትም ይለወጣል፤ ይህ ለአጥኚ ትልቅ ነገር ነው።

እንደገና በመለማመጃ ቁጥር እንሞክረው። በከተማው ውስጥ ስኳር የሌለባቸው 1000 ሰዎች ተይዘው 50ው ጸናባቸው፤ 5 በመቶ መሆኑ ነው። ስኳር ያለባቸው 100 ተይዘው 20ው ጸናባቸው፤ 20 በመቶ። ሁሉም ቢገቡ ስኳር ያለባቸው በአራት እጥፍ ለከባድ ሕመም እንደሚጋለጡ በግልጽ ይታያል። አሁን ሕጉን እንቀይር። ሕመሙ የጸናበት ሁሉ ይገባል። ስኳር ያለበት ቀላል ቢሆንም ለጥንቃቄ ይገባል። ስኳር ከሌለባቸውና ቀላል ሕመም ካላቸው ግን 50 ሰዎች ብቻ ገቡ፣ ቀሪዎቹ ቤታቸው ቀሩ። በአዳራሹ ውስጥ ስኳር የሌለባቸው 100 ሰዎች አሉ፣ 50ው የጸናባቸው፤ ስኳር ያለባቸውም 100 አሉ፣ 20ው የጸናባቸው። አጥኚው 50 በመቶውን ከ20 በመቶው ጋር አነጻጽሮ “የስኳር ሕመም ከከባድ ኮቪድ ይከላከላል” ብሎ ይጽፋል። አንድም ቁጥር አልዋሸም፣ አንድም ካርድ አላበላሸም፤ ድምዳሜው ግን ተገልብጧል።

ይህን ዓይነት መዛባት ጆሴፍ በርክሰን በ1946 የሆስፒታል መረጃን ይዞ አሳይቶታል፤ ከምሳሌዎቹ አንዱ ስኳርና የሐሞት ከረጢት ሕመም መሆኑ ይገርመኛል። በኮቪድ ጊዜም አጫሾች የተጠበቁ የመሰሉባቸው ጥናቶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ክርክር ሲያስነሡ፣ ተቺዎች በማስረጃነት ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር። በጥያቄ ውስጥ የምናውቅበት መንገድ አለ፦ ወደ ተቋሙ ለመግባት ምክንያት የሆነው ነገር ሁለት ከሆነና ጥናቱ የሚያገናኛቸው እነዚያኑ ሁለቱን ከሆነ፣ በርክሰን ነው።

ይህ ከኮንፋውንዲንግ ይለያል፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያደባልቁታል። ዕድሜ ስኳርንም ሞትንም ስለሚያበዛ በመካከላቸው የሌለ ግንኙነት ሊያሳይ ይችላል፤ ዕድሜው ከተመዘገበ ግን በትንተና ወቅት ልናስተካክለው እንችላለን። ቤታቸው የቀሩትን 900 ሰዎች ግን ካርዳቸው ስለሌለ ምንም ዓይነት ሪግሬሽን አይመልሳቸውም።

ሪኮል ባያስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኬዝ ኮንትሮል ሁሉ ሪኮል ባያስ አለበት የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ስኳር መኖሩ ታማሚው ሲገባ በካርዱ ላይ ከተጻፈ፣ የጻፈው ነርስ ማን እንደሚሞት አያውቅም ነበር፤ ኬዙም ኮንትሮሉም በእኩል ተመዝግቧል። ለሞቱት በስልክ ቤተሰብ ተጠይቆ፣ የዳኑት ግን ሲወጡ ራሳቸው ከተጠየቁ፣ ያኔ ችግር አለ። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ምክንያት ፍለጋ ያለፈውን ሁሉ ይበረብራል፤ ድኖ ወደ ቤቱ የቸኮለ ሰው “የለብኝም” ብሎ ያልፋል።

ወደ ኮሆርቱ ስንመለስ ደግሞ ፈላጊው ዓይን መሄድ ያለበት በመካከል የጠፉት ላይ ነው። ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች 12ቱ ሲጸናባቸው ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ፤ ከሌለባቸው 200 ሰዎች የተላኩት 2 ብቻ ናቸው። አጥኚው የተላኩትን “በሕይወት የወጡ” ብሎ ከቆጠራቸው፣ የ10 በመቶው ሞት ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የተላኩት በሙሉ ሞተው ከሆነ 22 በመቶ ይደርሳል፣ በሌላው ወገን ግን ከ4 ወደ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከአማራጮቹ አንዱ “የናሙናውን ቁጥር መጨመር” ይሆናል። 3000 ሰው ቢመዘገብና 140ው እንዲሁ ወደ ሌላ ቢላኩ ስሕተቱ ያው ነው፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ብቻ ጠቦ የተሳሳተውን ቁጥር ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስለዋል። ትክክለኛው ምርጫ የተላኩትን በስልክም በሆስፒታል መዝገብም ተከታትሎ ውጤታቸውን ማወቅ የሚለው ነው።