ስለ እርሻ ቃጠሎ ጢስ ለገበሬዎች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ

በነአኩቶ ለአብ አካባቢ ለሚኖሩ ገበሬዎች መምህራን የሚከተለውን እንዲያስረዱልን እናሳስባለን። ከመከር በኋላ በብርዳሙ ሌሊት የላስታ ደጋ ምድር ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛውም አየር ወደ ሸለቆው ሲወርድ፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይሆንበታል። ስለዚህ ማታ የተለኮሰ እብቅና ጉቶ ጢሱ መውጫ አጥቶ በመንደሩ ላይ ተኝቶ ያድራል። ከጠጕር ውፍረት 30ኛ እጅ የሚያንሱት የጢሱ ቅንጣቶችም ወደ ሳንባ ጥልቅ ይገባሉ። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ፣ አየር ሲስብም የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ቅሪቱን በጉድጓድ ማበስበስ ይሻላል። ማቃጠል ግድ ቢሆን ግን፣ በሚገባ ከደረቀ በኋላ፣ ከመንደር ርቆ፣ በእኩለ ቀን፣ ነፋሱ ከቤቶቹ ወደ ውጭ ሲነፍስ ይሁን። ጢሱ ሳይወጣ በምድር ላይ ሲጋደም የታየ እንደሆነ እሳቱ ወዲያው ይጥፋ።