አንደኛ የተባለው ካርድ ለምን አራተኛ ወጣ? ስለ ቢዝነስ ካርድ ተረትና እውነታ

አንድ የሒሳብና የታክስ አማካሪ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ሊከፍት ነው እንበል። ዲዛይነሩ አራት የቢዝነስ ካርድ ንድፍ አቀረበለት። አራቱም 90 በ50 ሚሊ ሜትር ናቸው። ንድፍ ሀ ፊትና ጀርባው ጥቁር ሆኖ ጽሑፉ ቀጭንና ወርቃማ ነው። ንድፍ ለ ነጭ ነው፤ ግማሹን ቦታ የቢሮው አርማ ይዞታል። ንድፍ ሐ ባዶ ቦታው ሰፊ፣ ጽሑፉ ደቃቅና ፈዛዛ ግራጫ ነው። ንድፍ መ በአንዱ ገጽ አማርኛ፣ በጀርባው እንግሊዝኛ፣ ጥቁር በነጭ የተጻፈ፣ ዓይን የሚስብ ነገር የሌለው ካርድ ነው።

አማካሪው አራቱን በስልኩ ለጓደኞቹ ቢያሳያቸው አብዛኛው ሰው ሀን አንደኛ፣ ሐን ሁለተኛ፣ መን መጨረሻ እንደሚያደርግ ብዙ አልጠራጠርም። በወረቀት ታትመው እጅ ላይ ሲገቡ ግን ደረጃው ይገለበጣል። የሚገለብጡት ነገሮች ደግሞ ስለ ካርድ በተለምዶ የምናምናቸው ናቸው።

ተረት፦ መጀመሪያ ዓይን ይሳብ፤ የመረጃው ቅደም ተከተል በኋላ ይስተካከላል

ካርድ ሁለት ጊዜ ይነበባል። አንደኛው ሲሰጥ ነው፤ ያኔ ሰጪው ፊት ለፊት ስለቆመ ተቀባዩ ቢያነበውም ባያነበውም ለውጥ የለውም። ሁለተኛው ከሳምንታት በኋላ፣ ካርዱ ከቦርሳ ወይም ከመሳቢያ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ያዢው የሚጠይቀው በዚህ ተራ ነው፦ ይሄ ማን ነበር? ሥራው ምንድን ነው? በምን ላግኘው? ስለዚህ ስም ይቀድማል፣ ሥራው ይከተላል፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ኢሜይልና አድራሻ። አርማው አጃቢ ነው።

ለ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ባንክ ሠራተኛ ቢሆን ትልቁ አርማ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ካርዱን ያየ ሰው ገና ሳያነብ «ከእገሌ ባንክ» ይላል። ትናንት የተከፈተ ቢሮ አርማ ግን ለማንም ምንም አይነግርም። የሰውየው ስም ከሥሩ በ7 ፖይንት ተጽፎ ይገኛል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ካርዱን ለማያውቅህ ሰው ለሦስት ሰከንድ አሳይተህ ሸሽገውና ስሙንና ሥራውን ጠይቀው። በለ ላይ የሚመጣው መልስ «ሰማያዊ ክብ ነገር አይቻለሁ» የሚል ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ስልክ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አገር ካርዶች ላይ በጣም የተለመደ ጥፋት ስለሆነ። ብዙዎች +251 ጽፈው ከኋላው 09 ይቀጥላሉ። ዜሮው የሚያስፈልገው አገር ውስጥ ሲደወል ብቻ ነው። ከውጭ የሚደውል ሰው በካርዱ ላይ እንዳለ ከመታው መስመሩ ላይገናኝለት ይችላል። ወይ +251 ብሎ በ9 ወይም በ7 መቀጠል፣ ወይ የአገሪቱን ኮድ ትቶ በዜሮ መጀመር ነው። አሥራ ሁለቱን አኃዝ ደግሞ ሳይነጣጥሉ መደርደር ጥሩ አይደለም፤ በየሁለትና በየሦስቱ ሲከፈሉ ሰው ሳይሳሳት ይመታቸዋል። አራት ስልክ መደርደርም ለተቀባዩ ሥራ መስጠት ነው፤ አንድ ሞባይልና አንድ የቢሮ ስልክ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ተጽፎ፣ ይበቃል።

ተረት፦ ጥቁር መደብ ላይ ወርቃማ ፊደል ክብር ይሰጣል

ይህ በጣም የተስፋፋው ነው፤ ብዙ ገንዘብም የሚያስከስረው እሱ ነው። ስክሪን ብርሃን ስለሚረጭ ወርቃማው ፊደል ከጥቁሩ ውስጥ ያበራል። ወረቀት ግን ብርሃን አይሰጥም፤ ያረፈበትን ብቻ ይመልሳል።

የህትመቱን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። የማተሚያ ቀለም አሳላፊ ነው፤ በጥቁር ላይ ቢጫ ቢደረብ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወርቃማው ፊደል እንዲወጣ ጥቁሩ መደብ በፊደሉ ቅርጽ ክፍት ሆኖ ይታተማል፤ በክፍቱ ቦታ ላይ ቢጫ፣ ከማጀንታና ከትንሽ ጥቁር ጋር ተደባልቆ ይገባል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ሲሆን ይህ ፊደሉን ጥቂት ያወፍረዋል እንጂ አይጎዳውም። ክፍት ፊደል በጥቁር መሃል ሲሆን ግን ጥቁሩ ከግራና ከቀኝ እየገፋ ቀጭኑን መስመር ያጠበዋል፤ አንዳንዴም ይውጠዋል። ሁለተኛ፣ ቀለማቱ የሚታተሙት ተራ በተራ ነው። አንዱ ከሌላው በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ቢንሸራተት፣ ፊደሉ ዳር ዳሩን ነጭ ወይም ቀይ ጥላ ይዞ ይወጣል። መደቡ ከጥቁር ብቻ ሳይሆን ከአራቱም ቀለማት የተሠራ ጥቁር ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ አራት ክፍት ቦታዎች አንድ ላይ መግጠም አለባቸውና።

የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የበለጠ ይጋለጣል። በአማርኛ አናባቢውን የሚለየው ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው። «ኃይሉ» እና «ኃይሌ» ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የሚለያቸው በመጨረሻው ፊደል ቀኝ እግር ላይ ያለው ነገር ነው፦ አንዱ መሃል ላይ ጭረት፣ ሌላው ግርጌ ላይ ቀለበት። በ6 ፖይንት ሲጻፍ ፊደሉ ቁመቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ቀለበቱ ደግሞ የዚያ ቁራጭ ነው። ጥቁሩ ሲገፋው ቀለበቱ ይደፈንና ሰውየው ስሙ ያልሆነ ስም ይዞ ይወጣል። የእንግሊዝኛ ፊደል በዚያው መጠን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ አነስተኛ ነው። ለዚህ ነው አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት የፎንት ቁጥር ይጻፉ የሚለው ልማድ የማያዋጣው። እንግሊዝኛው 8 ከሆነ አማርኛው 9 ወይም 9.5 ሲሆን ነው በዓይን የሚመጣጠኑት።

ወርቃማ ፊደል የግድ ከተባለ፣ በሙቀት የሚለጠፍ እውነተኛ ፎይል አለ። ብርሃን ስለማያሳልፍ በጥቁር ላይ ይታያል፤ መንሸራተትም አይደርስበትም፤ ቀለማቱ አንድ ላይ የሚገጥሙበት ነገር የለምና። ግን ለየንድፉ የብረት ማኅተም መሥራት ይጠይቃል፣ ቀጭን መስመርም ይቆራረጥበታል። ስሙን ብቻ፣ ወፍራም አድርጎ፣ በፎይል ማድረግ ይቻላል። አድራሻን በፎይል ማድረግ ግን አይመከርም።

ሙሉ ጥቁር ካርድ ሌላም ጣጣ አለው፤ ኪስ ውስጥ ትንሽ እንደቆየ ጠርዙ ላይ የወረቀቱ ነጭ ሆድ ብቅ ብቅ ይላል።

ተረት፦ ባዶ ቦታና ፈዛዛ ግራጫ የዘመናዊነት ምልክት ነው

ባዶ ቦታው ትክክል ነው፤ የሐ ቅደም ተከተልም ከአራቱ የተሻለው ነው፦ ስም፣ ሥራ፣ ስልክ፣ ሌላ የለም። ጥፋቱ ግራጫው ላይ ነው። በተለመደው ባለአራት ቀለም ህትመት ግራጫ ቀለም የለም። ፈዛዛ ግራጫ የሚሠራው ጥቁርን በደቃቅ ነጠብጣብ በመበተን ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በ6 ፖይንት ፊደል ላይ ግን መስመሩ ከነጠብጣቡ ብዙም ስለማይሰፋ ዳሩ የተበላ፣ የተቆራረጠ ይመስላል። በማጉያ መነጽር ያየ ሰው ፊደል ሳይሆን የነጥብ ሰልፍ ነው የሚያገኘው። የጥቃቅን ጽሑፍ ቀለም መቶ በመቶ ጥቁር፣ ከሌላ ቀለም ጋር ያልተደባለቀ መሆን አለበት። ልስላሴ ከተፈለገ ፎንቱን ማቅጠን ሳይሆን በዙሪያው ክፍት ቦታ መተው ነው።

ተረት፦ ኪውአር ኮድ ካለ የቀረው ቢደቅቅም ግድ የለም

ኪውአር ኮድ ጠቃሚ ነው፤ ግን ምን እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። አማካሪው ስሙን፣ ሥራውን፣ የቢሮውን ስም፣ ሁለት ስልክ፣ ኢሜይልና አድራሻ በሙሉ በኮዱ ውስጥ በአማርኛ አስገባ እንበል። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ ነው። ጠቅላላው በቀላሉ 200 ባይት አካባቢ ይደርሳል። ያን ለመሸከም ኮዱ 57 በ57 ካሬ ይሆናል፤ በዙሪያው መኖር ያለበት ባለአራት ካሬ ባዶ ጠርዝ ሲጨመር በእያንዳንዱ ጎን 65። ለኮዱ የተተወው ቦታ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ካሬ 0.23 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ቀለም ትንሽ ሲሰፋ ካሬዎቹ ይያያዛሉ፣ ስልክም ማንበብ ይቸገራል። በምትኩ ከ26 ፊደል ያልበለጠ አጭር የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ቢያስገባ 25 በ25 ይበቃዋል፤ በዚያው ቦታ ካሬው 0.45 ሚሊ ሜትር፣ እጥፍ ማለት ይቻላል፣ ይሆናል። ኮዱ ጥቁር በነጭ ይሁን፤ እንደ ሀ ጽሑፍ ወርቃማ በጥቁር ሲሆን አንዳንድ ስልኮች አያነቡትም።

ተረት፦ ወፍራም ወረቀት ሁሉንም ይሸፍናል

አይሸፍንም። ለካርድ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 350 ግራም የሚመዝን ወረቀት የተለመደ ነው፤ እጅ ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፣ ያልተነበበ ስልክን ግን አያስነብብም። የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ደግሞ መብራት ሥር ብርሃን ስለሚመልስ ጽሑፉን ያደበዝዛል፤ በእስክሪብቶም አይጻፍበትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ካርድ ጀርባ ላይ «ሰኞ 4 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል።

እንግዲህ ደረጃው

ካርዱ ለሚያሳድረው ስሜት ለብቻው ነጥብ መስጠት ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። ሰው ካርድ ይዞ «ይሄ ሰውዬ ሥራውን ያውቃል» የሚለው፣ የሚፈልገውን ወዲያው ሲያገኝና ጽሑፉ ንጹሕ ሆኖ ሲያይ ነው። የሚጨመረው ጥቂት ነገር ነው፦ ኢሜይሉ በቢሮው ስም መሆኑ፣ በአንዱ ቦታ «ሒሳብ» በሌላው «ሂሳብ» ብሎ አለመጻፉ፣ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ አለመጠጋቱ። የአጻጻፉ መለያየት በተለይ ለሒሳብ ሰው ይጎዳል። ስለ ጠርዙ ደግሞ፦ መቁረጫው ትንሽ ሊንሸራተት ስለሚችል ጽሑፍ ከጠርዙ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ገባ ማለት አለበት፤ መደቡ ቀለም ከሆነ ደግሞ ከመቁረጫው መስመር ውጭ 3 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት።

በዚህ ሚዛን መ አንደኛ ነው፤ ስሙ 12 ፖይንት፣ ሥራው 9፣ ስልኩ 9፣ ሁሉም ጥቁር። ለ ሁለተኛ ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ቢዛባም የተጻፈው ሁሉ ይነበባል። ሐ ሦስተኛ ነው፤ ይህ የሚያሳዝነው ነው፣ ፊደሉን ወደ 9 ከፍ አድርጎ ጥቁር ቢያደርገው ከመም ይበልጥ ነበርና። የሀ ጥፋት ግን ንድፉ የቆመበት ስለሆነ ሌላ ካርድ ሳይሠሩ አይስተካከልም።

አማካሪው ለማተሚያ ቤቱ 500 ካርድ ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ላሚኔሽን ይጠይቅ። ናሙናውን መነጽር ለሚጠቀም ሰው፣ ማታ በቢሮ መብራት፣ ክንድ ዘርግቶ እንዲያነበው ይስጠው፤ ስሙንና ስልኩን ጮክ ብሎ ያንብብለት። አንድ አኃዝ ላይ ካመነታ ፋይሉ ወደ ዲዛይነሩ ይመለሳል።