ተጨማሪው ክፍያ የት ገባ?

አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዙ ወገኖቻችን እቁብ ሲደርሳቸው ወይም የታክስ ተመላሽ ሲገባላቸው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ትዝ የሚላቸው የቤቱ ዕዳ ነው። “ከቤቱ ላይ ትንሽ ላቅልል” ብለው ጠቀም ያለ ገንዘብ ይልካሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ገንዘቡ ከባንክ ሒሳብ ስለወጣ ብቻ ዕዳው ቀነሰ ማለት አይደለም። ብድሩን የሚሰበስበው ድርጅት ገንዘቡን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ዕዳውን በእርግጥ የሚያቀልለው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው። የትኛው ቦታ እንደገባ የሚነግረን በየወሩ የሚመጣው የሞርጌጅ ስቴትመንት ነው። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ አብዛኞቹ ብድር ሰብሳቢዎች እያንዳንዱ ክፍያ ለምን ለምን እንደዋለ በስቴትመንቱ ላይ ከፋፍለው እንዲያሳዩ የፌዴራሉ ደንብ ያስገድዳቸዋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ባልና ሚስት 330,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ገዙ እንበል። 30,000 ዶላር ከኪሳቸው ከፍለው 300,000 ዶላር ተበደሩ። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ሆኖ የማይለዋወጥ ነው፤ ዕዳው በ30 ዓመት ተከፍሎ ያልቃል። በየወሩ የሚከፍሉት 2,343.65 ዶላር ነው።

አንዱ ክፍያ ሲከፋፈል

ከዚህ ውስጥ 1,798.65 ዶላሩ የዋናው ዕዳና የወለዱ ድምር ነው። ይህ ቁጥር 30 ዓመት ሙሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሁለቱ የሚካፈሉበት መጠን ነው። በመጀመሪያው ወር ወለዱ 1,500 ዶላር ይወስዳል፤ ከዋናው ዕዳ ላይ የሚቀነሰው 298.65 ዶላር ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ በ13ኛው ክፍያ ወለዱ 1,481.58፣ ለዋናው ዕዳ የሚውለው 317.07 ዶላር ይሆናል። ባልና ሚስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዋናው ዕዳና ለወለዱ ከ21,500 ዶላር በላይ ከፍለዋል፤ ዕዳቸው የቀነሰው ግን በ3,684 ዶላር ብቻ ነው። ያልተከፈለው ዋና ዕዳ 296,315.98 ዶላር ላይ ይገኛል።

ይህ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ወለድ የሚታሰበው ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው፤ ዕዳው በትልቅነቱ ዘመን ወለዱም ትልቅ ነው። ሒሳቡን ማንም ሰው በስልኩ ሊሠራው ይችላል። ስቴትመንቱ ላይ “Outstanding Principal” የሚለውን ቁጥር በወለዱ መጠን ማባዛትና ለ12 ማካፈል ነው። 296,315.98 በ0.06 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 1,481.58 ይመጣል። ስቴትመንቱ ላይ ያለው ወለድ ከዚህ ጋር ከተገጣጠመ ሒሳቡ ልክ ነው።

ከ2,343.65ው የቀረው 545 ዶላር ኤስክሮ ወደሚባለው የአደራ ሒሳብ ይገባል። በምሳሌያችን 300 ዶላሩ ለንብረት ግብር፣ 245ቱ ደግሞ ለኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንሱ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው የቤት ኢንሹራንስ ሲሆን ወሩን 120 ዶላር ይወስዳል፤ ቤቱ በእሳት ወይም በአውሎ ነፋስ ቢጎዳ ለባለቤቱም የሚተርፍ ነው። ሁለተኛው በተለምዶ ፒኤምአይ የሚባለው ነው፤ 125 ዶላር ይወስዳል። ይህኛው የሚጠብቀው አበዳሪውን ብቻ ነው። ተበዳሪው መክፈል አቅቶት ቤቱ ቢሸጥና ዕዳው ባይሸፈን ኢንሹራንሱ ለአበዳሪው ይከፍላል፤ ለቤቱ ባለቤት አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። የሚጠየቀውም ገዢው ከቤቱ ዋጋ ከ20 በመቶ በታች ቅድሚያ ሲከፍል ነው።

ወለዱ ቋሚ ሆኖ ሳለ ወርኃዊ ክፍያው ድንገት ከጨመረ የሚፈተሸው ይህ የኤስክሮ ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግብሩ ወይም የቤት ኢንሹራንሱ ጨምሮ ነው። ዋናው ዕዳና ወለዱ የያዙት መስመር ከቦታው አልተነቃነቀም።

5,000 ዶላር፣ ሦስት መንገድ

አሁን ባልና ሚስቱ 12ኛውን ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ የ5,000 ዶላር እቁብ ደረሳቸውና ሙሉውን ለቤቱ ላኩት እንበል።

አንደኛው መንገድ ገንዘቡ በቀጥታ ከዋናው ዕዳ ላይ ሲቀነስ ነው። ዕዳው ወደ 291,315.98 ይወርዳል። በሚቀጥለው ክፍያ ወለዱ በ1,481.58 ፈንታ 1,456.58 ይሆናል፤ 25 ዶላር ቀነሰ ማለት ነው። ወርኃዊው 1,798.65 ስላልተለወጠ ያ 25 ዶላር ወደ ዋናው ዕዳ ይዞራል፤ በሚከተለው ወር ወለዱን እንደገና ያሳንሰዋል። ይህ በየወሩ ሲደራረብ ብድሩ ከታሰበለት ጊዜ 15 ወር ገደማ ቀድሞ ያልቃል፤ የሚድነው ወለድ ከ22,000 ዶላር ይበልጣል። ገንዘቡ ይህን ያህል የሠራው በብድሩ መጀመሪያ ዓመታት ስለገባ ነው። ያው 5,000 ዶላር በ25ኛው ዓመት ቢከፈል ወለድ የሚያስቀርበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ጥቅሙ በጣም ያንሳል።

ሁለተኛው መንገድ ድርጅቱ ገንዘቡን የመጪዎቹ ወራት ክፍያ ቅድሚያ አድርጎ ሲወስደው ነው። 5,000 ዶላሩ ሁለት ሙሉ ክፍያዎችን ይሸፍንና ትንሽ ይተርፈዋል። ስቴትመንቱ የሚቀጥለውን የመክፈያ ቀን ሁለት ወር ወደፊት ይገፋዋል። ነገር ግን ሁለቱ ክፍያዎች እንደተለመደው ለወለድ፣ ለግብርና ለኢንሹራንስ ስለሚከፋፈሉ ከዋናው ዕዳ ላይ የሚቀነሰው 636 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ወር ለመተንፈስ ለሚፈልግ ሰው ይህ መጥፎ አይደለም፤ ዕዳውን ለማሳጠር ላሰበ ግን ዓላማውን ስቶበታል።

ሦስተኛው መንገድ ገንዘቡ የትም ሳይውል ሲቀመጥ ነው። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው የተላከው ገንዘብ ከአንድ ሙሉ ክፍያ ሲያንስ ነው። ለምሳሌ የወሩን ክፍያ ለሁለት ከፍሎ በየሁለት ሳምንቱ የሚልክ ሰው የመጀመሪያው ግማሽ “Unapplied” በሚል መስመር ላይ ተቀምጦ ሊያገኘው ይችላል። ድርጅቱ ሙሉ ክፍያ እስኪሞላ ገንዘቡን ይዞት ይቆያል፤ ሲሞላ እንደ ክፍያ መመዝገብ ይኖርበታል። እስከዚያ ድረስ ግን ከዋናው ዕዳ ላይ አልተቀነሰም።

ከሦስቱ አንደኛውን መንገድ ለማግኘት ተጨማሪውን ገንዘብ ከመላክ በፊት የወሩ መደበኛ ክፍያ መግባቱን ማረጋገጥ ያሻል። ከዚያ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ “Additional Principal” ወይም ተመሳሳይ ስም ባለው ሳጥን ውስጥ መጠኑን ለይቶ መጻፍ ነው። በቼክ የሚልክ ሰው ገንዘቡ ለዋናው ዕዳ ብቻ እንዲውል ከብድር ቁጥሩ ጋር ቼኩ ላይ ይጽፋል። ከመላክዎ በፊት ስቴትመንቱ ላይ ቀድሞ የመክፈል ቅጣት ስለመኖሩ የተጻፈውን ማንበብም አይዘንጉ።

በሚቀጥለው ስቴትመንት የሚታዩ ነገሮች

ቀጣዩ ስቴትመንት ሲመጣ ዋናው ዕዳ በተላከው 5,000 ዶላር ልክ፣ ከወሩ መደበኛ ቅናሽ በተጨማሪ፣ መውረዱን ይዩ። የመክፈያው ቀን እንደወትሮው የሚቀጥለው ወር መሆን አለበት፤ ዘሎ ከሄደ ገንዘቡ ቅድሚያ ክፍያ ሆኗል። “Unapplied” የሚለው መስመር ባዶ መሆን አለበት። ወለዱንም ቀደም ሲል ባየነው ማባዛትና ማካፈል ይፈትኑት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የቤት ብድር ወለድ የሚከፈለው ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጁን 1 የሚከፈለው የሜይ ወለድ ነው። ስለዚህ ጁን 1 የገባ ተጨማሪ ገንዘብ ወለዱን ሲያሳንስ የሚታየው በጁላይ 1 ክፍያ ላይ ነው።

ስሕተት ካገኙ መጀመሪያ ደውለው እንዲያስተካክሉ ይጠይቁ። ካልተስተካከለ ድርጅቱ ለዚሁ ጉዳይ ባሳወቀው አድራሻ በጽሑፍ ይላኩ፤ ከክፍያው ጋር በሚላከው ቁራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ አይበቃም። የፌዴራሉ ደንብ ድርጅቱ ደብዳቤው መድረሱን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ አብዛኛውን ጊዜም በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ መርምሮ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ኢንሹራንሱ በራሱ አይቆምም

ብዙዎች ተጨማሪ ከከፈሉ በኋላ ወርኃዊ ክፍያቸው ባለመቀነሱ ይገረማሉ። ተጨማሪ ክፍያ የብድሩን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ ወርኃዊውን መጠን አይቀንስም። አንዳንድ አበዳሪዎች ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲገባ፣ ተበዳሪው ከጠየቀና አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ከከፈለ፣ ወርኃዊውን በአዲሱ ዕዳ ልክ እንደገና ያሰሉለታል። የቤት ኢንሹራንሱና ግብሩ ግን ከዕዳው መጠን ጋር ስለማይያያዙ በዚህ አይነኩም።

ፒኤምአይ ግን ይነካል። በ1998 የወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ መደበኛ በሆነ ብድር ለመኖሪያው ቤት የገዛ ሰው ዕዳው ከቤቱ መነሻ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ፒኤምአይው እንዲቆም መጠየቅ ይችላል። ለባልና ሚስቱ ይህ 264,000 ዶላር ነው። በመደበኛው አከፋፈል እዚያ የሚደርሱት በ95ኛው ወር ነበር፤ በ5,000 ዶላሩ ምክንያት በ80ኛው ወር ይደርሳሉ።

ዝም ካሉ ግን ይህ ጥቅም ያመልጣቸዋል። ድርጅቱ ራሱ ፒኤምአይውን እንዲያቆም የሚገደደው 78 በመቶ ላይ ነው፤ ያም ቀን የሚታየው ብድሩ ሲፈረም በተዘጋጀው የመጀመሪያ ሰሌዳ እንጂ በተጨማሪ ክፍያው አይደለም። በምሳሌያችን ሰሌዳው እዚያ የሚደርሰው በ108ኛው ወር ነው። ሳይጠይቁ ቢቀሩ ከ80ኛው እስከ 108ኛው ወር 28 ወር ይከፍላሉ፤ በ125 ዶላር ሲባዛ 3,500 ዶላር ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል። ክፍያውን በወቅቱ ሲከፍል የቆየ መሆን፣ በቤቱ ላይ ሌላ ተጨማሪ ብድር አለመኖርና የቤቱ ዋጋ አለመውረዱን ማሳየት ያስፈልጋል።

ኤፍኤችኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና የተበደሩ ሰዎች ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። ከጁን 2013 ወዲህ ከ10 በመቶ በታች ቅድሚያ ከፍለው በኤፍኤችኤ የተበደሩ ኢንሹራንሱን ብድሩ እስኪያልቅ ይከፍላሉ። ስለዚህ ብድርዎ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ።

ስቴትመንትዎን ዛሬ አውጥተው ያልተከፈለውን ዋና ዕዳ ቤቱን ሲገዙ ከነበረው ዋጋ 80 በመቶ ጋር ያስተያዩት። ከዚያ በታች ከሆነና ፒኤምአይ አሁንም እየተቆረጠብዎ ከሆነ፣ ደብዳቤውን ለመጻፍ የሚቀጥለውን ወር አይጠብቁ።