ሦስት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ

በተማሪዎች የቴሌግራም ቻናሎች ላይ የሚዘዋወሩትን የፊዚክስ ጥያቄዎች የሚከታተል ሰው መልካቸውን ወዲያው ይለየዋል። ከላይ ጥያቄው በአማርኛ፣ ከሥሩ ምርጫዎቹ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በአንድ ፎቶ ውስጥ። አብዛኞቹ ያለ ችግር ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ግን ያላጠናውን ትተው ያጠናውን ተማሪ ያደናግራሉ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት፣ በዚያው አኳኋን ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ አንድ ጥያቄ ይበቃል።

```
50 ኪሎ ግራም ክብደት ያለውን የጤፍ ጆንያ በ10 ሰከንድ
3 ሜትር ከፍታ ላይ ለማውጣት ስንት ኃይል ያስፈልጋል?
g = 10 m/s²

A. Force of 500 N
B. Energy of 1500 J
C. Power of 150 W
D. Mass of 50 kg
```

ስሌቱ ቀላል ነው። ጆንያውን መሬት ወደ ታች የምትስበው 50 በ10 ተባዝቶ በ500 ኒውተን ነው፤ በእኩል ፍጥነት ወደ ላይ ለማንሳትም ያንኑ ያህል ፎርስ ያስፈልጋል። 500 ኒውተን በ3 ሜትር ሲባዛ 1500 ጁል ይሆናል፤ ይህ የሚወጣው ኢነርጂ ነው። 1500 ጁል ለ10 ሰከንድ ሲካፈል ደግሞ 150 ዋት ይመጣል፤ ይህ ፓወር ነው። እንግዲህ ከአራቱ ምርጫዎች ሦስቱ ትክክል ናቸው። የትኛው እንደተጠየቀ የሚወስነው «ኃይል» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ሦስቱንም ይሸከማል።

ይህ የአማርኛ ድክመት አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራበት አነጋገር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚለው የተቋም ስም ውስጥ «ኃይል» ፓወር ነው። ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ሲወራ የሚሰማው «ታዳሽ ኃይል» ኢነርጂ ነው። መምህሩ «የስበት ኃይል» ሲል ፎርስ ማለቱ ነው። አየር ኃይልን እዚህ ውስጥ ባናስገባው ይሻላል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ከዐውዱ ስለሚረዳ አይቸገርም፤ የፈተና ጥያቄ ግን ሁለት መስመር ስለሆነ ዐውድ የለውም።

«ጉልበት»ም ከዚህ አያመልጥም። አንዱ መምህር ለፎርስ ሲጠቀምበት ሌላው ለኢነርጂ ይሰጠዋል፤ ከሁለቱም ጋር የተማረ ልጅ ጥያቄውን ሲያነብ ፊዚክሱን ትቶ ጥያቄውን ያወጣው ማን እንደሆነ መገመት ይጀምራል። በጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው «ክብደት»ም ንጹሕ አይደለም። በገበያ ቋንቋ ጆንያው 50 ኪሎ ይመዝናል፤ በፊዚክስ ግን 50 ኪሎ ግራም የመጠነ ቁሱ ልክ ሲሆን ክብደቱ 500 ኒውተን ነው። ይህን ልዩነት ከመጽሐፉ በደንብ የተማረ ተማሪ ጥያቄው ገና ሲጀምር ይቆማል፤ ያልተማረው ዝም ብሎ ያልፋል።

«ሰዓቱ የተሰጠው እኮ ለፓወር ነው፣ ከዚያ ማወቅ ይችላል» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ አያዋጣም። ፈተና አውጪዎች ተማሪውን ለመፈተን የማያስፈልግ ቁጥር ሆን ብለው ያስገባሉ፤ ተማሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ሰዓት መኖሩ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ቅይጡ ከየት መጣ? ከስንፍና ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። ክልሎች መሻገሪያውን በየራሳቸው አስቀመጡት፤ አንዳንዱ ሒሳብና ሳይንስን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያደርግ ሌላው እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀጠለ። በመሻገሪያው ላይ የሚያስጠና መምህር ሐሳቡ እንዲገባቸው ጥያቄውን በአማርኛ ይጽፋል፤ ምርጫዎቹን ደግሞ ነገ በፈተና አዳራሽ የሚያገኟቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከቆየ የእንግሊዝኛ ፈተና እንዳሉ ይቀዳቸዋል። ዓላማው ደህና ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ጥያቄው ሲተረጎም ምርጫው ሳይተረጎም ሲቀር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ሳይሠራ ስለሚቀር ነው።

ፎቶ የመሆኑም ምክንያት አለ። የቴሌግራም የፈተና ምርጫ ለጥያቄውም ለእያንዳንዱ ምርጫም የተወሰነ ፊደል ብቻ ይፈቅዳል፤ ሥዕልና ቀመር ያለበት ጥያቄ እዚያ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ሌላው የድሮ ፎንት ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጧቸው፤ ጸሐፊዎችም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩባቸው ኖረዋል። ያ ፎንት በሌለበት ስልክ ላይ ጥያቄው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይከፈታል። በተቃራኒው ሙሉ ገጹን መርጦ የአማርኛ ፎንት ላድርግለት የሚል ሰው የእንግሊዝኛ ምርጫዎቹን ወደማይነበብ ግዕዝ ይቀይራቸዋል። ፎቶ አንስቶ መላክ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ፎቶው ግን የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ተማሪው ያልገባውን ቃል ገልብጦ ሌላ ቦታ መፈለግ አይችልም፤ በስክሪን አንባቢ የሚማር ዓይነ ስውር ተማሪም ምንም አይሰማም። ጽሑፉን ከፎቶው ማውጣት ይቻላል፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ሁለቱን ቋንቋ አብሮ መስጠት ግን ግድ ነው፦

```
tesseract photo.png out -l amh+eng
```

`eng` ከተዘለለ ምርጫዎቹ ይበላሻሉ። ሁለቱም ተሰጥተው እንኳ መልክ የሚመሳሰሉ ፊደላት ይደናገራሉ፤ «ሀ» ከ U ጋር፣ «ዐ» ከዜሮ ጋር። ብዙ የአማርኛ ጸሐፊዎች ዜሮን በ«ዐ» ይጽፉ ስለነበር 500 የሚመስለው ቁጥር ቀድሞውኑ 5ዐዐ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ከፎቶው ጋር ማመሳከር ይገባል።

የተበላሸ ጥያቄን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ ለመመለስ መሞከር ነው። የጆንያው ጥያቄ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ምርጫው ሳይታይ ስለ ምን እንደተጠየቀ ማወቅ አይቻልም። ሌላው መንገድ ሁለት መምህራን ሳይነጋገሩ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱት ማድረግ ነው። አንዱ ፎርስ፣ ሌላው ፓወር ካሉ ጥያቄው አልበቃም።

ጥገናው አማርኛውን መተው አይጠይቅም። «መጠነ ቁሱ 50 ኪሎ ግራም የሆነን ጆንያ በ10 ሰከንድ 3 ሜትር ለማውጣት የሚያስፈልገው ፓወር ስንት ዋት ነው?» ቢባል፣ ምርጫዎቹም 15፣ 150፣ 500 እና 1500 ዋት ቢሆኑ አንድ መልስ ብቻ ይቀራል። ስህተቶቹም ይናገራሉ፦ 1500 የመረጠው ለሰዓቱ ማካፈሉን ረስቷል፤ 500 የመረጠው ከፎርሱ ላይ ቆሟል፤ 15 ያለው ለ10 ሁለት ጊዜ አካፍሏል። መምህሩ ነገ የቱን ደግሞ ማስረዳት እንዳለበት ከዚህ ያውቃል። «ፓወር» ብሎ በግዕዝ መጻፉ የሚያሳፍረው ካለ «ኃይል» ሊል ይችላል፤ ግን በወረቀቱ ሁሉ ላይ ለፓወር ብቻ ይሁን፣ የስበትን ነገር ሲያነሳም ሌላ ቃል ይፈልግለት።

እንግሊዝኛው ሁልጊዜ ይቀርባል ማለትም አይደለም። በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ ሾፌሩ የሚያውቀው ከጣልያንኛ የመጡትን ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬን ነው። ለእሱ «ማርሽ ከመቀየሩ በፊት የሚረገጠው የቱ ነው?» ተብሎ ምርጫው Clutch ቢሆን፣ በየቀኑ የሚረግጠውን ፔዳል በስሙ ሳያውቀው ይቀራል።